ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ፦ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ለቅርብ ጊዜ ቁጠባ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓይነት ገንዘብ ብቻ ነው። አሁን ተቀምጦ ስላለ፣ ነገር ግን በአንድ ወይም በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ዓመት ውስጥ ወጪ እንደሚሆን ስለሚታወቅ ገንዘብ። የቤት ቅድመ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ የልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ ያረጀውን የሥራ መኪና መተኪያ፣ ወይም የደረሰ የእቁብ ገንዘብ። የጡረታ ቁጠባ ሌላ ሕግ አለው፤ እሱን ዛሬ አልነካውም። ለድንገተኛ ችግር የሚያዘውም ገንዘብ የሁለት ወይም የሦስት ወር ወጪ ያህሉ ሁልጊዜ ባንክ ውስጥ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቆይ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በግብር ሥራዬ የብዙ ቤተሰብ ሰነድ አያለሁ። ይህ ቀን የተቆረጠለት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ይገኛል። ወይ ምንም ወለድ በማይከፍል የቼኪንግ ሂሳብ ውስጥ ዓመት ሁለት ዓመት ተኝቷል፤ ወይ ደግሞ «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» ተብሎ አክሲዮን ገብቷል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። በ2022 ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚለኩበት የአክሲዮን መለኪያ አንድ አምስተኛ ገደማ ወርዷል። ሃያ ዓመት መጠበቅ የሚችል ሰው ያን ዓመት ተሻግሮታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቤት ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ግን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም።

ለዚህ ገንዘብ የሚስማማው ማረፊያ የአሜሪካ መንግሥት የአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ትሬዠሪ ቢል ወይም ቲ-ቢል የሚባለው። መንግሥት ከ1929 መጨረሻ ጀምሮ ሲሸጠው ኖሯል። ዛሬ በ4፣ በ6፣ በ8፣ በ13፣ በ17፣ በ26 እና በ52 ሳምንት የሚከፈሉ አሉ። ከ100 ዶላር ጀምሮ መግዛት ይቻላል። በየወሩ የሚታሰብ ወለድ የለውም፤ በቅናሽ ገዝታችሁ በቀኑ ሙሉውን ትቀበላላችሁ፤ ልዩነቱ ወለዳችሁ ነው።

አንዱን በቁጥር እንየው። የ26 ሳምንት ሰነድ ማለት የ182 ቀን ሰነድ ነው። በጨረታው የቅናሽ መጠኑ 4 በመቶ ሆኖ ወጣ እንበል፤ ይህን ቁጥር ለስሌት እንዲመች የወሰድኩት ነው፤ የሳምንቱን እውነተኛ ቁጥር ከጨረታው ውጤት ታገኛላችሁ። በዚህ ሂሳብ የ10,000 ዶላር ሰነድ የሚሸጠው በ9,797.78 ዶላር ነው። ያ ገንዘብ ከባንክ ሂሳባችሁ ይወጣል፤ ከ182 ቀን በኋላ 10,000 ይገባል። ያገኛችሁት 202.22 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። በጨረታው ውጤት ላይ ሁለት የተለያዩ መቶኛዎች ይታያሉ። የቅናሽ መጠኑ የሚታሰበው ዓመቱ 360 ቀን እንደሆነ ተቆጥሮ፣ በ10,000ው ላይ ነው። እናንተ ግን ያወጣችሁት 10,000 ሳይሆን 9,797.78 ነው፤ ዓመቱም 365 ቀን አለው። በእነዚህ ሲሰላ ገቢያችሁ በዓመት 4.14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከባንክ ወለድ ጋር የሚነጻጸረው ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ይዞ ባንክ ከሚሰጠው ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሰነዱን ያለ አግባብ ዝቅ አድርጎ ያየዋል።

ጨረታ የሚለው ቃል አያስፈራችሁ። የ13 እና የ26 ሳምንት ሰነዶች በዓል ካልገጠመ በየሰኞው ይሸጣሉ፤ ክፍያውና ርክክቡ ሐሙስ ነው። ዋጋውን እርስ በርስ የሚፎካከሩበት ትልልቅ ባንኮችና የገንዘብ ተቋማት ናቸው። እንደ እኛ ያለው ገዢ «የወጣውን ዋጋ እቀበላለሁ» ብሎ ብቻ ይመዘገባል፤ የጠየቀውን ያህል ይደርሰዋል፤ የሚከፍለውም ዋጋ ትልልቆቹ ከሚከፍሉት ጋር አንድ ነው። 500 ዶላር ያላት የጽዳት ሠራተኛና 500 ሚሊዮን የያዘ ባንክ በእኩል ዋጋ የሚገዙት ሌላ ነገር አላውቅም።

መግዣው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በመንግሥቱ በራሱ ገጽ፣ treasurydirect.gov ላይ ሂሳብ መክፈት ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የአሜሪካ አድራሻና በራሳችሁ ስም ያለ የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። ሁለተኛው የአክሲዮን መግዣ ሂሳብ በሚከፍቱ ድርጅቶች በኩል ነው፤ እዚያ መነሻው ብዙውን ጊዜ 1,000 ዶላር ነው። የትኛው እንደሚሻል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ልዩነቱ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነውና። ከዚህ ውጭ «እኔ ልግዛላችሁ፣ ገንዘቡን በእኔ በኩል ላኩ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የማኅበራችን ሰው ቢሆንም እንኳ፣ አትቀበሉት። በመካከል የሚቆም ሰው የሚያስፈልገው ምንም ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰዎች «የመንግሥት ወረቀት ነው፣ አይከስርም» ሲሉ እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሰነዱን የሚያስተማምነው ከፋዩ መንግሥት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ቅርብ መሆኑም ነው። ይህን ያላስተዋለ ትልቅ ባንክ በ2023 መጋቢት ላይ ፈርሷል።

ሲሊኮን ቫሊ ባንክ በ2020 እና በ2021 ከደንበኞቹ እጅግ ብዙ ገንዘብ ገባለት። አብዛኛውን በመንግሥት ሰነዶችና የመንግሥት ዋስትና ባላቸው የቤት ብድር ወረቀቶች ላይ አዋለው። ከፋዮቹ አስተማማኝ ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ወረቀቶች የሚከፈሉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር፤ የተገዙትም ወለድ እጅግ ዝቅ ባለበት ጊዜ። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ማዕከላዊው ባንክ ወለድን ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 ተኩል በመቶ በላይ አደረሰው። አዲስ ወረቀት ከ4 በመቶ በላይ እየከፈለ፣ አንድ ተኩል በመቶ የሚከፍለውን አሮጌ ወረቀት በሙሉ ዋጋው የሚገዛ የለም። እስከ ቀኑ ቢጠበቅ ሙሉው ይከፈል ነበር። ደንበኞቹ ግን ገንዘባቸውን የፈለጉት ያኔውኑ ነበር። ባንኩ መጋቢት 8 ቀን 21 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ወረቀት ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን አስታወቀ፤ መጋቢት 10 ቀን ተዘጋ።

መንግሥት አንድም ዶላር አልከለከለም። የባንኩ ጥፋት ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀንና ወረቀቱ የሚከፈልበት ቀን አለመገጣጠማቸው ነው። አንድ ቤተሰብም በሁለት ዓመት ውስጥ ለሚያስፈልገው ገንዘብ የሃያ ዓመት የመንግሥት ቦንድ ወይም የረጅም ጊዜ ቦንዶች የተሰበሰቡበትን ፈንድ ቢገዛ የሚገጥመው ይኸው ነው። የገበያ ወለድ በአንድ መቶኛ ሲጨምር የሃያ ዓመት ቦንድ ዋጋ ከአንድ አሥረኛ በላይ ይወርዳል። ሦስት ወር የቀረው የግምጃ ቤት ሰነድ ግን በ10,000 ላይ የሚያጣው 25 ዶላር ገደማ ነው፤ እሱንም የሚያጣው ካልጠበቀ ብቻ ነው። ስለዚህ «ትሬዠሪ» የሚል ቃል የተጻፈበት ሁሉ አንድ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት የመጀመሪያው ነገር የመክፈያው ቀን ይሁን።

አንድ ቤተሰብ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ለቤት ቅድመ ክፍያ 40,000 ዶላር አጠራቅመዋል እንበል። ቤቱን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ይገዛሉ፤ ቀኑን ግን አያውቁትም፤ ጥሩ ቤት ከተገኘ በስድስተኛውም ወር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ የ52 ሳምንት ሰነድ ቢያስሩት በመሐል ቤት ሲገኝ ይቸገራሉ።

የተሻለው 40,000ውን በአራት መክፈል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን 10,000 የ4 ሳምንት፣ ሁለተኛውን የ8፣ ሦስተኛውን የ13፣ አራተኛውን የ17 ሳምንት ሰነድ ይገዙበታል። የመጀመሪያው ሲከፈል ገንዘቡን በ17 ሳምንት ሰነድ ላይ መልሰው ያውሉታል፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በወር ወይም በወር አካባቢ አንድ 10,000 እየደረሰ ይመለሳል። ቤት ከተገኘ የሚመለሰውን ያቆሙታል፤ ካልተገኘ ይቀጥላል። በመንግሥቱ ገጽ ላይ «መልሰህ ግዛ» የሚል ምርጫ አለ፤ ግን የሚገዛው ያንኑ የቀድሞውን የሳምንት ቁጥር ነው። የ4 ሳምንቱ እንደገና የ4 ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ ይህን አደራደር የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን አዲስ ግዢ በራሱ ማስገባት አለበት።

ሲከፈልም ገንዘቡ ወደ ባንክ ሂሳባችሁ እንዲሄድ መምረጣችሁን አረጋግጡ። በዚያው ገጽ ውስጥ ገንዘብ ማቆያ የሚሆን ሌላ ቋት አለ፤ ወለዱ ዜሮ ነው። እዚያ የገባ ገንዘብ ከቼኪንግ ሂሳብ በምንም አይሻልም።

የቤቱ መፈራረሚያ ቀን ሲታወቅ ነገሩ ይቀላል። መፈራረሚያው ሰኔ 5 ከሆነ ሰነዶቹ ሁሉ እስከ ግንቦት አጋማሽ የሚያልቁ ይሁኑ። ገንዘቡ ባንክ ደርሶ፣ አበዳሪው የሂሳቡን ማስረጃ አይቶ፣ ዝውውሩም ተልኮ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። ለሦስት ሳምንት ወለድ ሲባል ቤት አይታጣም።

ግብሩን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብዙ ወገኖቻችን ያለ አግባብ የሚከፍሉት እዚህ ላይ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ የፌዴራል ግብር ይከፈልበታል፤ የክልልና የካውንቲ የገቢ ግብር ግን አይከፈልበትም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ለሜሪላንድ 4.75 በመቶ፣ ለካውንቲው 3.2 በመቶ ይከፍላል፤ አንድ ላይ 8 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ባልና ሚስቱ በ40,000ው በዓመት 1,640 ዶላር ወለድ ቢያገኙ፣ ከባንክ የመጣ ወለድ ቢሆን ኖሮ 130 ዶላር ገደማ ለሜሪላንድና ለካውንቲው ይሄድ ነበር። በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲም ጥቅሙ አለ። ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ ላሉ ዘመዶቻችን ግን ይህ ጥቅም የለም፤ እዚያ በደመወዝና በወለድ ላይ የክልል ገቢ ግብር የለምና። እነሱ ጥሩ ወለድ በሚከፍል ባንክ፣ እስከ 250,000 ዶላር በመንግሥት በተረጋገጠ የቁጠባ ሂሳብ ቢያስቀምጡም ብዙ አይጎዱም። ባንኩ ግን ወለዱን በፈለገው ቀን ይቀንሳል፤ ሰነዱ እስከ ቀኑ ድረስ አይለወጥም።

ነፃነቱ ግን በራሱ አይመጣም። የዓመቱ ማስረጃ 1099-INT የሚባለው ወረቀት ነው፤ የሰነዱ ወለድ የሚጻፈው በሦስተኛው ሳጥን፣ Box 3 ላይ ነው። የመንግሥቱ ገጽ ይህን ወረቀት በፖስታ አይልክም፤ ገብታችሁ ራሳችሁ ታትሙታላችሁ። ግብር የሚሠራላችሁ ሰው የሦስተኛውን ሳጥን ቁጥር ከባንክ ወለድ ጋር ደምሮ ካለፈው፣ በሜሪላንዱ ቅጽ ላይም ካልቀነሰው፣ የማትከፍሉትን ትከፍላላችሁ። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ይህ ከክልል ግብር ተቀንሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

የሚበላሸውን ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። ከሁሉ የሚበዛው ገንዘቡ ከቀኑ በፊት ሲፈለግ የሚመጣው ችግር ነው። በመንግሥቱ ገጽ የተገዛ ሰነድ እዚያው አይሸጥም። ወደ አክሲዮን መግዣ ሂሳብ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከተገዛ 45 ቀን ማለፍ አለበት፤ በወረቀት ማመልከቻ ስለሆነም ጊዜ ይወስዳል። በአክሲዮን መግዣ ሂሳብ የተገዛ ግን በሥራ ቀን በደቂቃዎች ውስጥ ይሸጣል። ቀናችሁ የማይነቃነቅ ከሆነ የመንግሥቱ ገጽ ይበቃል። ጥርጣሬ ካላችሁ ሁለተኛውን መንገድ ምረጡ፤ እኔ ለቤት ገዢ ሁልጊዜ የምመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ችግር የወለድ መውረድ ነው። ሰነዱ አጭር ስለሆነ ዛሬ ያገኛችሁትን ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ። በ2019 መጀመሪያ የስድስት ወሩ ሰነድ 2 ተኩል በመቶ አካባቢ ይከፍል ነበር፤ ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ በ2020 ጸደይ ከአንድ በመቶ ሩብ በታች ወረደ። ዋናው ገንዘብ አልተነካም፤ ወለዱ ግን ጠፋ። ገንዘቡን በትክክል ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚፈልጉት የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ የተወሰነውን በሁለት ዓመት የግምጃ ቤት ኖት ላይ ቢያስሩት መልካም ነው፤ እሱም ከ100 ዶላር ይጀምራል፤ በየስድስት ወሩ ወለድ ይከፍላል፤ ቀኑም ከእነሱ ቀን ጋር ይገጥማል።

ሦስተኛው በዋሽንግተን ስለ መንግሥት የብድር ጣሪያ የሚነሳው ክርክር ነው። በ2023 ግንቦት መጨረሻ፣ መንግሥት ገንዘብ ሊያልቅበት ይችላል በተባለበት ሳምንት የሚከፈሉት ሰነዶች ዋጋቸው ወርዶ ገቢያቸው ከ7 በመቶ በላይ ታይቷል፤ ገበያው ለጥቂት ቀን መዘግየት ፈርቶ ነበር። ሰኔ 3 ቀን ሕጉ ተፈርሞ ሁሉም በቀኑ ተከፈለ። ነገር ግን በ1979 ጸደይ፣ የብድር ጣሪያው በመጨረሻው ሰዓት ከፍ ካለ በኋላ፣ በአሠራር ችግር ለአንዳንድ አነስተኛ ባለቤቶች ክፍያ ዘግይቶ ያውቃል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ ስትሰሙ ለቤት መፈራረሚያ የያዛችሁት ሰነድ የሚከፈለው በዚያ በሚፈራው ሳምንት እንዳይሆን አድርጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ይያያዛል። ብሔራዊ ባንክ የኢትዮጵያን መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ ይሸጣል፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ። በብር የሚገኘው ወለድ ከዶላሩ በጣም ከፍ ያለበትን ጊዜ አይተን፣ «ለምን እዚያ አናስገባም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ወጪያችሁ በምን ገንዘብ ነው የሚለው ነው። ሐምሌ 2024 የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ70 በላይ፣ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በሜሪላንድ ቤት ለመግዛት የተቀመጠን ዶላር ወደ ብር የለወጠ ሰው የዓመቱ ወለድ ያንን አይመልስለትም። አዲስ አበባ ለሚከፈል የብር ወጪ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

እምነታቸው ወለድን ለሚከለክላቸው ወገኖቻችን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ገቢው በቅናሽ መልክ ቢመጣም ይህ የብድር ወለድ ነው፤ አሠራሩ የተለየ ስለመሰለ አትግቡበት።

በመጨረሻ ለባልና ሚስት ሁሉ የምለምነው አለኝ። በመንግሥቱ ገጽ ላይ ሂሳብ የሚከፈተው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። ነገር ግን ሰነዱ ሲገዛ ሁለተኛ ባለቤት ወይም ከሞት በኋላ የሚወርስ ሰው ስም ማስመዝገብ ይቻላል። ይህ ካልተደረገ፣ ያ ሰው ድንገት ቢያልፍ፣ ቤተሰቡ የራሱን ገንዘብ ለማግኘት በማስረጃና በፍርድ ቤት ወረቀት ወራት ሊንገላታ ይችላል። የመጀመሪያውን 100 ዶላር ከማስገባታችሁ በፊት የባላችሁን ወይም የሚስታችሁን ስም አስመዝግቡ፤ ሂሳቡ መኖሩንም ቤታችሁ ውስጥ ንገሩ።